ብረት የሚያነሳ ሰው በሳምንት ስንት ቀን ይረፍ?



ስለ ብረት ማንሳት በውስጥ መስመር ከሁለት ወገን ጥያቄ ይደርሰኛል። ወጣቶቹ «ዶክተር፣ በየቀኑ ብሠራ ቶሎ ጡንቻ አላወጣም ወይ?» ይላሉ። ወላጆች ደግሞ «ልጄ ብረት ከጀመረ ወዲህ ከሳ፣ እንቅልፍ አጣ፣ ጠባዩም ተለወጠ፤ ብረቱ ይሆን?» ብለው ይጽፋሉ። የሁለቱም መልስ አንድ ቦታ ስለሚገናኝ ዛሬ አብረን እናየዋለን።

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለውድድር ሳይሆን ለጤናውና ለሰውነቱ አቋም ብሎ ብረት ለሚያነሳ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን መሥራትና አራት ቀን ከብረት ማረፍ በቂ ነው። በሁለት የሥራ ቀኖች መካከል ቢያንስ አንድ ሙሉ የእረፍት ቀን ይግባ። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚሠራው ቀሪው ኑሮ ሲፈቅድ ነው። ቀን የምትሠሩት ሥራ፣ የምትበሉት ምግብና የምትተኙት እንቅልፍ ሒሳቡ ውስጥ ይገባሉ። እኔ ክሊኒክ ውስጥ የማያቸው ወጣቶች የሚጎዱት አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ሦስቱን ሳይቆጥሩ ስለሚቀሩ ነው።

እኔ የምሠራው ደጀን ነው። ከተማችን አባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለች፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ዋና መንገድ የሚያልፍባት ናት። እዚህ ብረት የሚያነሱት ልጆች አትሌቶች አይደሉም። አንዱ ተማሪ ነው፣ አንዱ ብየዳ ቤት ይሠራል፣ ሌላው ጫኝና አውራጅ ነው። ማታ ማታ ግቢ ውስጥ ተሰብስበው ይሠራሉ። ብዙዎቹ የሚያነሱት በሱቅ የተገዛ ብረት ሳይሆን በቱቦ ጫፍና ጫፍ ጣሳ አድርገው ሲሚንቶ የሞሉበትን ነው። እኔም በሳምንት ሦስት ቀን እሠራለሁ፤ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ባደርኩ ማግስት ግን ከባድ ብረት አልነካም። ያን ቀን ሰውነቴ ድካሙን ገና አልጨረሰም።

እረፍት ለምን እንደሚያስፈልግ በአጭሩ ላስረዳ። ከባድ ነገር ስታነሱ የጡንቻ ክሮች ላይ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ጉዳት ይደርሳል፤ በጡንቻው ውስጥ የተጠራቀመው ስኳርም ይቀንሳል። ካበቃችሁ በኋላ ሰውነት ከምግብ ባገኘው ፕሮቲን ክሮቹን ይጠግናል፤ ከቀድሞው ትንሽ አጠንክሮ ይሠራቸዋል። ይህ የጥገና ሥራ ከፍ ብሎ የሚቆየው በግምት ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ነው። ጥገናው ሳያልቅ ያንኑ ጡንቻ መልሶ ማድከም ግድግዳው ሳይደርቅ ሁለተኛ ልስን እንደመለሰን ነው። ጅማትና መገጣጠሚያ ደግሞ ከጡንቻ ይልቅ በዝግታ ስለሚያገግሙ፣ ጡንቻው «ደህና ነኝ» ሲል ክርናችሁ ወይም ትከሻችሁ ገና ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልለይ። ብረት ባነሳችሁ ማግስት የሚሰማችሁ የጡንቻ ህመም ከመጠን በላይ የመሥራት ምልክት አይደለም። በተለይ አዲስ ጀማሪ ከሆናችሁ ወይም አዲስ እንቅስቃሴ ከሞከራችሁ የተለመደ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ ከዚያ በራሱ ይለቃል። የምንፈራው ከዚህ የተለየ ነው። እሱን በአንድ ታካሚ ታሪክ ላሳያችሁ፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ለውጫለሁ።

በዓቢይ ጾም አምስተኛው ሳምንት ላይ አንዲት እናት የ24 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። «ዶክተር፣ ይኸ ልጅ እህል አይቀምስም፤ ሌሊት ሲገላበጥ ያድራል፤ አንድ ነገር ቢናገሩት ይቆጣል። ምን እንደነካው ይዩልኝ» አሉኝ። ልጁ አቀርቅሮ ተቀምጧል። «አንተስ ምን ይሰማሃል?» ስለው «ድካም ነው ዶክተር፤ ተኝቼም ደክሞኝ ነው የምነሳው። ሌላ ቦታ ታይፎይድ ነው ብለውኝ መድኃኒት ጨርሻለሁ፤ ምንም አልተሻለኝም» አለ።

ልጁ ቀን ቀን ከመኪና ላይ ጤፍ ያወርዳል፣ ይጭናል። ማታ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስድስት ቀን ብረት ያነሳል። ደረትና ትከሻ በየቀኑ አለ፤ ጓደኞቹ ከመጡ በኋላ ትንሽ ጀርባ ይጨምራል። ጾመኛ ስለሆነ የመጀመሪያ ምግቡን የሚቀምሰው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ሽሮ በእንጀራ ይበላል። ሌሊት 6 ሰዓት ይተኛል፤ ሥራ ስላለው ንጋት 11 ሰዓት ይነሳል። እንቅልፉ አምስት ሰዓት ነው ማለት ነው፤ እሱም ሲገላበጥ የሚያድርበት። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ64 ኪሎ ወደ 60 ወርዷል።

ስንት ኪሎ እንደሚያነሳ ስጠይቀው አያውቅም፤ የሲሚንቶ ብረት ነው። «የእህል ሚዛን ላይ አስቀምጠውና ንገረኝ» አልኩት፤ 40 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ቀጥዬ ተኝቶ ሲገፋ ስንት ጊዜ እንደሚገፋ ጠየቅሁት። ከጾሙ በፊት በመጀመሪያው ዙር 12፣ በሁለተኛው 10፣ በሦስተኛው 9 ጊዜ ይገፋ ነበር። አሁን ያንኑ ብረት 7፣ 5፣ 4 ጊዜ ብቻ ነው የሚገፋው። «ድካሙ ሲብስብኝ ሰነፍኩ ብዬ ሰባተኛ ቀንም ልጨምር አስቤ ነበር» አለኝ።

እናንተም ይህችን ሒሳብ በራሳችሁ ላይ ሥሯት። ድሮ የደረት ሥራው በአንድ ማታ 31 ጊዜ 40 ኪሎ ነው፤ 1,240 ኪሎ ማለት ነው። ሥራ በበዛበት ቀን ግን 35 ኩንታል ያወርዳል። ኩንታሉ መቶ ኪሎ ስለሆነ 3,500 ኪሎ በትከሻውና በጀርባው አልፏል። ማታ ከሚሠራው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ኩንታል መሸከምና ተኝቶ ብረት መግፋት አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ አለመሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ትከሻው፣ ጀርባው፣ ጉልበቱና እንቅልፉ የአንድ ሰው ናቸው። እሱ ስድስት ቀን የሚሠራ መስሎት በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሳምንት አሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራ ነበር።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንምጣ። በዚህ ልጅ ላይ አንድ በአንድ ታይተዋል።

የመጀመሪያውና ዋናው የአቅም መውረድ ነው። አንድ ቀን ብረቱ ቢከብዳችሁ ምንም አይደለም፤ እንቅልፍ ያጣችሁበት ወይም ምሳ የዘለላችሁበት ቀን ሊሆን ይችላል። ያው ብረት፣ ያው ዙር ሆኖ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁጥሩ ከወረደና ሁለት ሦስት ቀን አርፋችሁም ካልተመለሰ ግን ሰውነታችሁ ከሚጠግነው በላይ እያፈረሳችሁ ነው። ስለዚህ ደብተር ያዙ። የብረቱን ኪሎ ባታውቁት እንኳ ብረቱ አይለወጥምና ስንት ጊዜ እንዳነሳችሁት መጻፍ ይበቃል። ከምመክራቸው ነገሮች ሁሉ ርካሹና አስተማማኙ ይህ ደብተር ነው።

ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። የደከመ ሰው ጥልቅ ብሎ መተኛት ሲገባው፣ ከአቅም በላይ የሠራ ሰው ደክሞት እያለ እንቅልፍ ይሸሸዋል፤ ወይም ሌሊት ደጋግሞ ይነቃል። ሦስተኛው ጠባይ ነው፤ ብስጭት፣ ዝምታ፣ ይወደው የነበረውን ነገር መጥላት። ወላጆች ቀድመው የሚያዩት ይህንን ነው፤ እናትየው ያመጡትም በዚህ ነው። አራተኛው የምግብ ፍላጎት መጥፋትና ሳይፈልጉት መክሳት ነው። በወጣት ሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ መዛባት ወይም መቅረት ይጨመራል። ብረት የምትሠራ፣ ምግብ የቀነሰች ልጅ የወር አበባዋ ሦስት ወር ከቀረ አጥንቷም እየተጎዳ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ትቅረብ፤ እርግዝናም አብሮ መመርመር አለበት።

ብዙዎቻችሁ ስለ ልብ ምት ትጠይቁኛላችሁ። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ በእጅ አንጓችሁ ላይ ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩት። ለብዙ ቀን ከተለመደው ወደ አሥር ያህል ከፍ ብሎ ከቆየ ልብ ልትሉት ይገባል። ነገር ግን ትኩሳት፣ ቡና፣ ጭንቀት፣ የውሃ ማነስም ከፍ ያደርጉታል፤ ከአቅም በላይ የሠራ ሁሉም ሰው ደግሞ ልቡ አይፈጥንም። ስለዚህ ብቻውን አይፈርድም፤ ከደብተሩ ጋር ሲታይ ነው የሚጠቅመው። የዚህ ልጅ የጠዋት ምት 76 ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ለወላጆች በጣም አስፈላጊ ነው። «ከአቅም በላይ በመሥራት የመጣ ድካም» የሚባለው ሌሎች በሽታዎች ከተፈተሹ በኋላ የሚሰጥ ስም ነው። በአንድ የደም ምርመራ አይታወቅም። የአውሮፓ የስፖርት ሳይንስ ኮሌጅና የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በጋራ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት የባለሙያዎች ስምምነትም የተቀመጠው ይኸው ነው። እየከሳ የሚደክም ወጣት ሲመጣ ሐኪሙ መጀመሪያ «ብረቱ ነው» ብሎ መዝጋት የለበትም።

ስለዚህ ይህን ልጅ መረመርነው። ትኩሳት አለው ወይ? የለውም። አባይ በረሃ ወርዶ ያውቃል ወይ? ጭነት ይዞ ወርዶ ስለነበር የወባ ምርመራ አደረግን፤ ነጻ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ሌሊት የሚያጠልቅ ላብ የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ እናዝ ነበር። የደም ማነስ የለበትም፤ ስኳሩ ትክክል ነው፤ በፈቃዱ የተደረገው የኤችአይቪ ምርመራም ነጻ ነው። አንገቱ ላይ እብጠት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ የለውም፤ የታይሮይድ ምልክት አላየሁም። ስለ ሐሳቡና ስለ ስሜቱም ብቻውን አድርጌ ጠየቅሁት፤ የመንፈስ ጭንቀት ልክ እንደዚህ ሆኖ ሊመጣ ይችላልና። አንዳንድ ልጆች የሚወስዱትን የጡንቻ መርፌና ዱቄትም ጠየቅሁ፤ አልወሰደም።

ስለ ታይፎይዱም አንድ ነገር ልበል። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ድሮ ታይፎይድ ይዞት በነበረ ሰው ወይም በሌላ ምክንያት ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ሳይኖር «ድካም አለኝ» ላለ ሰው በዚህ ምርመራ ብቻ አንቲባዮቲክ መጀመር እውነተኛውን ምክንያት ይሸፍነዋል፤ ጊዜም ያባክናል።

ሌላ በሽታ ሳናገኝ ስንቀር ሕክምናው እረፍት ሆነ። እንዲህ ተስማማን። ለሁለት ሳምንት ብረት የለም። የቀን ሥራውን መተው አይችልም፤ እንጀራው ነው። ከጓዶቹ ጋር ተነጋግሮ ግን በቀን ከ20 ኩንታል እንዳያልፍ አደረገ። ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲተኛ፣ ስልኩንም ሌላ ክፍል እንዲተው ነገርኩት። «ዶክተር፣ ሁለት ሳምንት ካቆምኩ የሠራሁት ሁሉ ሊጠፋ ነው» አለኝ። አይጠፋም። በሁለት ሳምንት እረፍት የሚወርደው ጉልበት ጥቂት ነው፤ እሱም ሲመለሱ ቶሎ ይመለሳል። እሱ ግን ሳያርፍ በቀጠለባቸው ሳምንታት የግማሹን ያህል አጥቷል።

ጾሙን ፍታ አላልኩትም። ይህ የእሱና የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው፤ የታመመ ሰው ግን እንዲያማክራቸው እነግራለሁ። እኔ ያስተካከልኩት በ9 ሰዓትና በመኝታ መካከል ያለውን ምግብ ነው። በሁለት ፋንታ ሦስት ጊዜ እንዲበላ አደረግን፤ 9 ሰዓት ላይ፣ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይና ከመተኛቱ በፊት። በየምግቡ ጥራጥሬ አለ፤ አንዴ ወፈር ያለ ሽሮ፣ አንዴ ምስር፣ አንዴ የባቄላና የስንዴ ንፍሮ ወይም የሽምብራ ቆሎ ከለውዝ ጋር። ጤፍ ራሱ ፕሮቲን አለው፤ ከጥራጥሬ ጋር ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ይህን ሁሉ የሚያዘጋጁት እናት ናቸውና ዝርዝሩን የነገርኩት ለሳቸውም ነው። «ብረቱን ተወው ብል አልሰማኝም፤ ብላ ስለው ግን ይሰማኝ ይሆናል» ብለው ሳቁ።

በአምስተኛው ቀን እንቅልፉ መጣ። በሁለት ሳምንቱ መጨረሻ የጠዋት የልብ ምቱ 64 ሆነ፤ አንድ ኪሎ ተኩል ጨመረ። ያኔ ብረት ፈቀድኩለት፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ በሦስት ዙር ፋንታ ሁለት ዙር። ቀኖቹን እንዲህ የመረጥንበት ምክንያት አለን። ረቡዕና ዓርብ ከጾሙ ወቅት ውጭም የጾም ቀን ስለሆኑ እረፍት ላይ ቢውሉ ይመቻል፤ እሁድ ደግሞ በሬም አይጠመድም። በየሁለቱ የሥራ ቀን መካከል አንድ ቀን ገባ ማለት ነው። ጭነት በጣም የከበደበት ቀን ከብረቱ ቀን ጋር ከገጠመ ብረቱ ይቀራል፤ በሚቀጥለው የብረት ቀን ሁለት እጥፍ አይሠራም። የብረቱንም ሰዓት ከምግብ በኋላ አደረግነው፤ 9 ሰዓት በልቶ 11 ሰዓት ላይ ይሠራል። ከትንሣኤ በኋላ ሲመለስ ደብተሩ ላይ 12፣ 11፣ 9 ተጽፏል። ከድሮው በግማሽ ቀን ሠርቶ ከድሮው በአንድ በለጠ።

የዚህን ልጅ ችግር ምን ስም እንስጠው? ጥቂት ቀን ከብዶ ሠርቶ ጥቂት ቀን ሲያርፉ የሚለቅ ድካም አለ፤ ይህ ጤነኛ ነው፤ ሰው የሚጠነክረውም በእሱ ነው። ሳምንታት የሚፈልግ አለ፤ የእሱ ይህ ነበር። ብዙ ወራት የሚፈጅም አለ፤ ትክክለኛው የኦቨርትሬይኒንግ በሽታ የሚባለው እሱ ነው። ይህ የመጨረሻው ለጤናው ብሎ በሚሠራ ሰው ላይ ብዙም አይታይም፤ በብዛት የሚታየው በትልልቅ አትሌቶች ነው። ሦስቱን በመጀመሪያው ቀን መለየት አይቻልም፤ የሚለያቸው ለማገገም የወሰደው ጊዜ ነው። በተግባር ይህ ማለት ሁለት ሦስት ሳምንት በደንብ አርፋችሁ፣ በልታችሁ፣ ተኝታችሁ ካልተለወጠ እንደገና ሐኪም ዘንድ ተመለሱ ማለት ነው፤ ያልተገኘ ሌላ በሽታ ሊኖር ይችላል።

ቢሮ ተቀምጦ የሚውል፣ በደንብ የሚበላና የሚተኛ ሰውስ? እሱ አራት ቀንም ሊሠራ ይችላል። ግን ይከፋፍለው፤ ሰኞ የላይኛውን አካል ካሠራ ማክሰኞ እግር፣ ረቡዕ እረፍት፣ ሐሙስና ዓርብ ደግሞ እንደገና ላይና ታች። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ጡንቻ ሁለት ሙሉ ቀን ያርፋል። ከዚህም በታች መሥራት ነውር የለውም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ጤንነት ያለው ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ነው። ከዚህ ሌላ በየስድስት ሳምንቱ ገደማ አንድ ሳምንት ዙሩን በግማሽ ቀንሱ። በእረፍት ቀን መተኛት ብቻ አይጠበቅባችሁም፤ በእግር መሄድ፣ ቀለል ያለ ማፍታታት ይቻላል። ኳስ በኃይል መጫወት ግን እረፍት ተብሎ አይቆጠርም።

ወላጆች ስለ ታዳጊዎችም ትጠይቃላችሁ። የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ በሚያውቅ ሰው ሥር፣ በትክክለኛ አነሳስ፣ በቀላል ክብደት ቢሠራ ቁመቱ አይቀርም። ለእነሱ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ ተከታታይ ሳይሆን፣ ይበቃል። የሚያሰጋኝ ከጓደኛ ጋር ተወዳድሮ አንድ ጊዜ ብቻ የሚቻል ትልቅ ብረት መሞከሩና እንቅልፍ አጥቶ ማደሩ ነው።

በመጨረሻ፣ ሳምንት የማይጠብቅ አንድ ነገር አለ። ረጅም ጊዜ አቁሞ የነበረ ወይም አዲስ የሆነ ሰው በአንድ ቀን ከአቅሙ በጣም በላይ ሲሠራ ጡንቻው ከመድከም አልፎ ሊፈርስ ይችላል። ራብዶማዮላይሲስ ይባላል። የፈረሰው ጡንቻ ውስጥ የነበረው ቀለም ያለው ፕሮቲን ወደ ደም ይገባና ኩላሊትን ይጎዳል። ምልክቱ ጡንቻው አብጦ እንደ እንጨት መጠንከሩ፣ እጅ ወይም እግር ማጠፍ እስኪያቅት መታመሙና ከሁሉ በላይ ሽንት እንደ ኮካ ወይም እንደ ወፍራም ሻይ መጥቆሩ ነው። ይህን ካያችሁ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ሂዱ። «ብረት አንስቼ ነበር፣ ሽንቴ ጠቆረ» ብላችሁ ተናገሩ። ሽንትና የኩላሊት ምርመራ ተደርጎ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣል፤ ቶሎ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ህመሙን ለማስታገስ ብላችሁ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትውሰዱ፤ እነዚህ በተጎዳው ኩላሊት ላይ ሌላ ጉዳት ይጨምራሉ።

እናትና አባቶች፣ ልጃችሁ ብረት ሲያነሳ ከማየት ይልቅ ሲተኛና ሲበላ እዩት። ወጣቶች ደግሞ ከዛሬ ማታ ጀምራችሁ ደብተር ክፈቱ፤ ቀኑን፣ ስንት ጊዜ እንዳነሳችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ ጻፉ። ቁጥሩ ሁለት ሳምንት ከወረደና አርፋችሁ ካልተመለሰ ደብተሩን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ተቋም ሂዱ። ለሐኪሙ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ጤናችሁ ይብዛ።